ሶሉ የተላቀቀ የተራራ ጫማ እንዲቀየርልዎ ለሻጩ ደብዳቤ ስለመጻፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ የተራራ ጫማ ገዝተው ሶሉ ለተከፈተባቸውና እንዲቀየርላቸው ሻጩን በጽሑፍ መጠየቅ ለሚፈልጉ የተዘጋጀ።

ሶሉ መከፈቱን እንዳየሁ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ጫማውን መልበስ ያቁሙ። ተራራ ላይ ሆነው ሌላ መጫሚያ ከሌለዎት ሶሉን በገመድ ወይም በጨርቅ አስረው ይውረዱ፤ ይህ ጉድለቱን አይደብቅም። የሚደብቀው ማስቲሽ ነው። በየሰፈሩ ያለ ጫማ ሰፊ በጥቂት ብር አጣብቆ ይሰጥዎታል፤ ሆኖም ፋብሪካው የቀባው ማጣበቂያ በአዲስ ማስቲሽ ከተሸፈነ በኋላ ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ማየት አይቻልም። ሻጩም "ሌላ ሰው የነካካውን ጫማ አልቀበልም" ለማለት በቂ ምክንያት ያገኛል።

ከዚያ ጭቃውን በደረቅ ብሩሽ አራግፈው በቀን ብርሃን ፎቶግራፍ ያንሱት። አንዱ ፎቶ ጫማውን ሙሉውን ያሳይ፤ ሌላው የተከፈተውን ቦታ ከቅርብ፣ ስፋቱ እንዲታይ ማስመሪያ አጠገቡ ተደርጎ። ደህና የሆነውን የሌላኛውን እግር ሶል፣ እንዲሁም በጫማው ምላስ ውስጥ የተሰፋውን ምልክት ማንሳትም አይርሱ። በውኃና በሳሙና አይጠቡት፤ እሳት ዳርም አያስቀምጡት። ሙቀት የጫማ ማጣበቂያን ያለሰልሳል፤ ያልነበረ ጉዳትም ሊጨምር ይችላል።

በቃል ብነግራቸው አይበቃም? ደብዳቤ ለምን ያስፈልጋል?

ብዙ ጊዜ በቃል ይበቃል፤ መጀመሪያ ጫማውን ይዞ ሄዶ በሰላም መጠየቅም ተገቢ ነው። ደብዳቤው የሚያስፈልገው መልሱ "ባለቤቱ የለም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለስ" ሲሆን ነው። ባለቤቱ በእርግጥ ላይኖር ይችላል፤ ቀኑ ግን ይቆጠራል። በተባለው ሳምንት ሲመለሱ መጀመሪያ ያነጋገሩት ሠራተኛ ላይገኝ፣ ቢገኝም ላያስታውስ ይችላል። ቀን የተጻፈበትና ተቀባይ የፈረመበት አንድ ገጽ ወረቀት መቼ እንደጠየቁና ምን እንደጠየቁ ያስቀራል።

በስንት ቀን ውስጥ መጠየቅ አለብኝ?

ኢትዮጵያ ውስጥ ልብ ሊሉት የሚገባው ቁጥር 15 ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ዕቃው እንዲቀየርለት ወይም የከፈለው ዋጋ እንዲመለስለት ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ሻጩን መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። የሚቆጠረው ጫማው ከተገዛበት ቀን እንጂ መጀመሪያ ከተለበሰበት ቀን አይደለም።

የተራራ ጫማ ገዢ በተለይ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ለጥር ጉዞ ብሎ ኅዳር ላይ ይገዛል፤ ከነካርቶኑ አልጋ ሥር ያስቀምጠዋል፤ መጀመሪያ የሚለብሰው ሰሜን ተራሮች ላይ ነው። ሶሉ ሲከፈት 15ቱ ቀናት ካለፉ ቆይተዋል። ስለዚህ ጫማውን በገዙበት ሳምንት ይልበሱት፤ ደረጃ ይውጡበት፣ ይውረዱበት፣ ድንጋያማ መንገድ ላይ ይሞክሩት። የማጣበቅ ጉድለት ካለ አብዛኛውን ጊዜ ጫማው ደጋግሞ በሚታጠፍበት በጣቶች መነሻ አካባቢ ቶሎ ራሱን ያሳያል።

ደብዳቤው ውስጥ ምን ምን መግባት አለበት?

ጫማውን ለይቶ የሚያሳውቅ ነገር፣ የተገዛበት ቀንና ዋጋ፣ የደረሰኙ ቁጥር፣ ጉድለቱ የታየበት ቀንና ሁኔታ፣ የጉድለቱ መግለጫ፣ ጥያቄዎ፣ መልስ የሚጠብቁበት ቀን። ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ደረሰኞች ብዙ ጊዜ "ጫማ" ብቻ ብለው ስለሚያልፉ የጫማውን ስም፣ ቀለምና ቁጥር ደብዳቤው ላይ ራስዎ ይጻፉት።

ጥያቄው አንድ ይሁን። "እንዲቀየርልኝ፣ ካልሆነም ገንዘቤ እንዲመለስ፣ ካልሆነም እንዲጠገንልኝ" ብለው ሦስቱንም ከደረደሩ ሻጩ የሚመርጠው ለእሱ የሚረክሰውን ነው፤ እሱም ጥገና ነው። የሚፈልጉት መቀየር ከሆነ ይቀየርልኝ ይበሉ። ገንዘብ እንዲመለስ የሚጠይቁት ተመሳሳዩ ጫማ በእርስዎ ቁጥር ከሌለ ብቻ መሆኑን ግልጽ አድርገው ቢጨምሩ ግን ጥያቄዎን አያላላም።

የደረሰብዎትን ብስጭት፣ የተበላሸውን ጉዞ፣ የሱቁን ስም ስለማጥፋት የሚያስፈራራ ቃል ይተዉት። አንባቢው ሻጭ ነው፤ በስድብ መካከል የተቀበረች አንዲት እውነት ፈልጎ አያወጣም።

ጉድለቱን እንዴት ልግለጸው? "ተበላሸ" ማለት አይበቃም?

አይበቃም። ደብዳቤው የሚጸናውም የሚወድቀውም በዚህ አንቀጽ ነው። "ተበላሸ" ሲሉ ሻጩ "አበላሽተኸው ነው" ብሎ ይመልሳል። የት፣ ምን ያህል፣ እንዴት እንደተከፈተ ሲጽፉ ግን መልሱ ጫማውን ማየት ይሆናል።

በመጀመሪያ ሶሉ ተላቀቀ ወይስ ተሰነጠቀ? መላቀቅ ማለት የታችኛው ጎማ ከላይኛው ቆዳ ወይም ከመካከለኛው ለስላሳ ንጣፍ መለየቱ ነው። መሰንጠቅ ማለት ጎማው ራሱ፣ ብዙ ጊዜ እግር በሚታጠፍበት መስመር ላይ፣ በወርዱ መቀደዱ ነው። የመጀመሪያው በአመዛኙ የማጣበቅ ሥራ ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው የጎማው ጥራት ወይም የውጭ ጉዳት።

የተላቀቀ ከሆነ ክፍተቱን ቀስ ብለው ከፈት አድርገው ሁለቱን ገጾች በብርሃን ይመልከቱ። ማጣበቂያው በአንደኛው ገጽ ላይ ብቻ እንደ ስስ፣ ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅ ሽፋን ሆኖ ቀርቶ ተቃራኒው ገጽ ንጹሕ ከሆነ፣ ማጣበቂያው ያንን ገጽ በደንብ አልያዘውም ማለት ነው። ፋብሪካ ውስጥ ሶል ከመጣበቁ በፊት ገጹ ይሻከራል፣ ይጸዳል፣ ማጣበቂያው ተገቢውን ጊዜ ከደረቀ በኋላ በሙቀትና በግፊት ይጋጠማል። ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል የሚታየው ይኸው ለስላሳ ገጽ ነው። በአንጻሩ የቆዳው ጭረት ወይም የጎማው ቁራጭ ተገንጥሎ በሌላው ገጽ ላይ ተጣብቆ ከቀረ፣ ማጣበቂያው ይዞ ነበር፤ የተቀደደው ቆዳው ወይም ጎማው ነው። ያ ሲሆን ሻጩ "ድንጋይ ነክሶት ነው" ቢል ክርክሩ ይከብድዎታል፤ ስለዚህ ከመጻፍዎ በፊት ይህን ማየት ለራስዎም ይጠቅማል።

ያዩትን እንዳዩት ይጻፉ፦ የትኛው እግር፣ ከየት እስከ የት፣ ስንት ሴንቲሜትር፣ ማጣበቂያው በየትኛው ገጽ ላይ እንዳለ። "ፋብሪካው ሌባ ነው" የሚል ፍርድ አያስፈልግም።

አንድ ናሙና ልታሳዩኝ ትችላላችሁ?

ጥቅምት 12 ቀን ጫማ ገዝቶ፣ ጥቅምት 23 ቀን ከእንጦጦ ሲወርድ ሶሉ የተላቀቀበት ሰው የሚጽፈው ደብዳቤ ይህን ይመስላል።

ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ………… ጫማ መደብር ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ሶሉ የተላቀቀ የተራራ ጫማ እንዲቀየርልኝ ስለመጠየቅ

ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ከመደብርዎ ቁጥሩ 42 የሆነ፣ ቡናማ፣ የ………… ሥሪት የተራራ ጫማ በብር 9,800 ገዝቻለሁ። የደረሰኙ ቁጥር ………… ሲሆን ቅጂው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል።

ጥቅምት 23 ቀን በደረቅ የእግር መንገድ ከእንጦጦ ስወርድ የቀኝ እግሩ ሶል ከፊት ጫፉ ጀምሮ በውጭው ጎን 7 ሴንቲሜትር ያህል ከላይኛው ቆዳ ተላቅቋል። ማጣበቂያው በሙሉ በሶሉ በኩል የቀረ ሲሆን የቆዳው ገጽ ንጹሕ ነው። ጎማው አልተሰነጠቀም፤ ቆዳውም አልተቀደደም። ጫማው ውኃ ውስጥ አልገባም፤ እሳት ዳር አልደረቀም፤ ከተላቀቀ በኋላም አልተለበሰም፣ በማንም አልተጠገነም።

ስለዚህ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጫማው በተመሳሳይ ሥሪትና ቁጥር እንዲቀየርልኝ እጠይቃለሁ። ተመሳሳዩ ከሌለ የከፈልኩት ዋጋ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ጫማውን ለማሳየት ዝግጁ ስለሆንኩ እስከ ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ መልስዎን እንዲያሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ስም ………… ፊርማ ………… ስልክ …………

አባሪ፦ የደረሰኝ ቅጂ 1 ገጽ፣ ፎቶግራፍ 4

በናሙናው ላይ ያሉትን ዝርዝሮች እንዳሉ አይገልብጡ። በጫማው ወንዝ ተሻግረውበት ከሆነ "ውኃ ውስጥ አልገባም" ብለው አይጻፉ። የተራራ ጫማ እርጥበት መቋቋም ስላለበት እውነቱን መጻፍ አይጎዳዎትም፤ የተያዘ ውሸት ግን የቀረውን ሁሉ ያጠፋል።

ደብዳቤውን እንዴት ላድርስ?

በሁለት ቅጂ ያትሙ። አንዱን ለሱቁ ሰጥተው በሌላው ላይ ተቀባዩ "ደርሶኛል" ብሎ ስሙን፣ ቀኑንና ፊርማውን እንዲያሰፍርበት ይጠይቁ፤ ማኅተም ካላቸው ይምቱበት። አንፈርምም ካሉ በቴሌግራም ወይም በኢሜይል ይላኩት፤ ወይም በአደራ ፖስታ ያድርጉት።

ጫማውን ያሳዩ፤ ያለ ወረቀት ግን ትተው አይሂዱ። "ለአስመጪው እናሳየዋለን" ካሉ ጫማውን ከነጉድለቱ መረከባቸውን የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ይቀበሉ። ያለበለዚያ ከሳምንት በኋላ ተጣብቆና ተወልውሎ ይመለስልዎና የሚያሳዩት ጉድለት አይኖርም።

ደረሰኙ ጠፍቶብኛል፣ ወይም ጽሑፉ ደብዝዟል። ምን ይሻላል?

ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የሚወጣው ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ኪስ ውስጥ ወይም መኪና ውስጥ ሲቆይ ይጠፋል። በገዙበት ቀን ፎቶ ማንሳት ወይም ፎቶ ኮፒ ማድረግ ይህን ችግር ያስወግዳል። የደበዘዘ ቢሆንም ዋናውን አይጣሉት።

ጭራሽ ከሌለ የከፈሉበትን መንገድ ይፈልጉ። በቴሌብር ወይም በባንክ ከከፈሉ ቀኑን፣ መጠኑንና ተቀባዩን የሚያሳየው መልእክት በስልክዎ ላይ አለ። ከሱቁ ጋር ስለጫማው በስልክ ከተጻጻፉ እሱም ያግዛል። ደብዳቤው ላይ "ደረሰኙ ባይኖረኝም ክፍያውን በዚህ ቀን በዚህ መንገድ ፈጽሜያለሁ" ብለው ቅጂውን ያያይዙ። ያለ ደረሰኝ ሸጠውልዎ ከነበረ ደግሞ ይህንኑ በትሕትና ይጥቀሱ፤ ለሸጡት ዕቃ ደረሰኝ መስጠት የነጋዴው ግዴታ ነው።

ሱቁ ግድግዳ ላይ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" ተብሎ ተለጥፏል። መጠየቅ እችላለሁ?

ይችላሉ። ቀለሙ ያላማረውን ወይም ሐሳቡን የለወጠውን ገዢ በዚያ ማስታወቂያ ቢመልሱት ያስኬዳል። ጉድለት ያለበት ዕቃ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እንዲቀየር የመጠየቅ መብቱን የሚሰጠው አዋጁ እንጂ የሱቁ መልካም ፈቃድ አይደለም። ደብዳቤው ላይ ስለማስታወቂያው መከራከር አያስፈልግም፤ የአዋጁን ቁጥር መጥቀስ ይበቃል።

"የአጠቃቀም ችግር ነው" ወይም "አጣብቀን እንስጥህ" ቢሉኝስ?

ለመጀመሪያው መልሱ የጫማው ዓይነት ነው። የተራራ ጫማ ብሎ የሸጠ ሰው ተራራ ላይ መለበሱን እንደ ጥፋት ሊቆጥረው አይችልም። ጎማው ሳይበላ፣ ቆዳው ሳይቧጠጥ ሶሉ ብቻ ከተለየ፣ ይህንኑ የሚያሳየውን የሶሉን ፎቶ ያቅርቡ፤ የሶሉ ጥርስ አዲስ መሆኑ ብቻውን ብዙ ይናገራል። "አጠቃቀም" የሚሉት ምኑን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገልጹልዎም ይጠይቁ።

ጥገናውን መቀበል የእርስዎ ምርጫ ነው። እኔ በጥቂት ቀናት ውስጥ የተላቀቀ አዲስ ጫማ ተጣብቆ እንዲመለስ አልመክርም። ገጹ ሳይሻከርና አሮጌው ማጣበቂያ ሳይነሣ በላዩ ላይ የሚደረግ ማስቲሽ ከተማ ውስጥ ቢይዝም ቁልቁለት ላይ እንደገና ይለቃል፤ አንዱ እግር የለቀቀው በሥራ ጉድለት ከሆነ ደግሞ ሌላውም አብሮ የተሠራ ነው። ከተቀበሉ ግን ቀኑንና የተደረገውን ጥገና አስጽፈው፣ ድጋሚ ከለቀቀ እንደሚቀይሩልዎ አስፈርመው ይውሰዱ።

የጫማው ዋጋ ከገዛሁ በኋላ ጨምሯል። ልዩነቱን ክፈል ቢሉኝ?

ተመሳሳዩ ጫማ በተመሳሳይ ቁጥር የሚቀየር ከሆነ የሚጨመር ነገር መኖር የለበትም፤ ዕቃ በዕቃ እየተተካ ነው እንጂ አዲስ ግዢ አልተደረገም። ሌላ የተሻለ ሥሪት ከመረጡ ልዩነቱን መክፈል ተገቢ ነው፤ የሚሰላውም እርስዎ ከከፈሉት ዋጋ ተነሥቶ ነው። የዋጋ ጭማሪ ባለበት ወቅት ገንዘብ ከማስመለስ መቀየር የሚሻለውም ለዚህ ነው፤ በተመለሰው ብር ያንኑ ጫማ ላያገኙት ይችላሉ።

15 ቀን ካለፈ በኋላ ሁሉም ነገር አበቃ?

አላበቃም፤ ግን መንገዱ ይረዝማል። ሱቁ የጽሑፍ ዋስትና ሰጥቶ ከሆነ በዋስትናው ጊዜ ይጠይቁ። ከሌለ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ የሚሆንበትን ሁኔታ ይዘረዝራል፤ ገዢውም ጉድለቱን እንዳወቀ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠበቅበታል። ስለዚህ በሁለተኛው ወር የተላቀቀ ሶል ካለዎት ደብዳቤውን በዚያው ሳምንት ይስጡ፤ ጉድለቱ ሲገዙ በዓይን የማይታይ እንደነበረም ይግለጹ።

ደብዳቤው ላይ የሰጡት ቀን ካለፈና መልስ ካጡ፣ የተፈረመበትን ቅጂ ይዘው ሱቁ ለሚገኝበት አካባቢ የንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ።

ጫማውን የገዛሁት እንግሊዝ አገር ነው። ደብዳቤው ይለያል?

አቀራረቡ ያው ነው፤ ሕጉና ቀኑ ይለያል። እዚያ የሚጠቀሰው የ2015 የሸማቾች መብት ሕግ ነው። ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ30 ቀናት ውስጥ መልሶ ሙሉ ገንዘብ መጠየቅ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ሻጩ አንድ ጊዜ የመጠገን ወይም የመቀየር ዕድል አለው፤ ያ ካልተሳካ ዕቃው ሊመለስ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት የታየ ጉድለት ሲገዛ ጀምሮ እንደነበረ ይገመታል፤ አይደለም የሚል ሻጭ ማስረዳት ያለበት እሱ ነው። ደብዳቤውን ለሻጩ እንጂ ለፋብሪካው አይጻፉ፤ "ፋብሪካውን ጠይቅ" ቢሉም ውሉ ከሱቁ ጋር ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ ሕጋዊው ዋስትና ቢያንስ 2 ዓመት ነው።

ጫማው አዲስ ነው፤ ሶሉ ግን እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። ይህ ምንድን ነው?

ይህ ከመላቀቅ የተለየ ጉድለት ነው፤ ብዙ ሻጮችም ገዢዎችም ይስቱታል። የብዙ የተራራ ጫማዎች መካከለኛ ንጣፍ ፖሊዩረቴን ከሚባል ለስላሳ ነገር ይሠራል። ፖሊዩረቴን ከአየር እርጥበት እየወሰደ ከውስጥ ቀስ በቀስ ይበታተናል። ይህ ጫማው ባይለበስም፣ ካርቶን ውስጥ ተቀምጦም ይሆናል፤ እንዲያውም ሳይለበስ የቆየ ጫማ ይብስበታል። ከተሠራ ጥቂት ዓመታት ያለፉት ጫማ ላዩ እያብረቀረቀ፣ መጀመሪያ በተለበሰ ዕለት ሶሉ በእጅ ሊፈረፈር ይችላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ የተሰበረው ቦታ በጥፍር ሲነካ ይረግፋል ወይም እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ ማስቲሽም የሚይዘው ጠንካራ ነገር አያገኝም።

እንዲህ ያለ ጫማ ከገጠመዎት ጥያቄው መቼ ገዙት ሳይሆን መቼ ተሠራ የሚለው ነው። በምላሱ ውስጥ በተሰፋው ምልክት ላይ ብዙ አምራቾች የተሠራበትን ወርና ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ያትማሉ። ደብዳቤው ላይ "ጫማው በዚህ ወርና ዓመት የተሠራ ሲሆን መካከለኛው ንጣፍ በእርጅና ፈርሷል፤ ሲሸጥልኝ ግን አዲስ ተብሎ ነው" የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨምሩና የምልክቱን ፎቶ ያያይዙ። መቀየሪያ ብለው የሚሰጡዎት ጫማ ከዚያው ጭነት የመጣ ሊሆን ስለሚችል ከመቀበልዎ በፊት የእሱንም ምልክት ያንብቡ፤ ዘመኑ ያው ከሆነ መቀየሩን ትተው ገንዘብዎ እንዲመለስ ይጠይቁ።